ነቀዙ ከየት መጣ? ሩዝ፣ ምስር፣ ሽሮና ዱቄት ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዴት ይቀመጥ

ሩዙን ሳፋ ላይ ገለበጣችሁ፣ ልታጥቡት ውሃ ጨመራችሁበት። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ጥቁር ነገር ይንሳፈፍ ጀመር። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት እግር አለው። ገርጂ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ቡልቡላ፣ አራብሳ፣ የትም ኑሩ፣ ይሄን ያላየ ቤት ጥቂት ነው። ከዚያ ወቀሳው ይጀምራል። አንዱ «ቁምሳጥኑ ስላልጸዳ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጎረቤት ነው ያመጣብን»፣ ሌላው «መስኮት ክፍት ስለምታድር».

አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ነቀዙ ቤታችሁ የገባው ራሱ እህሉ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ያውም ስትገዙት በዓይን አይታይም ነበር።

የሩዝ፣ የስንዴና የበቆሎ ነቀዝ አፏ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት የወጣ ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ሴቷ በዚህ አፏ ፍሬው ላይ ቀዳዳ ትቦረቡራለች፣ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ከዚያ ቀዳዳውን ቶሎ በሚደርቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከውጭ ለሚያየው ፍሬው ጤነኛ ነው። ትሉ የሚፈለፈለው እዚያው ውስጥ ነው፤ የፍሬውን ሆድ እየበላ ያድጋል፣ ክንፍ አውጥቶ ትልቅ ሲሆን ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። ሙቀት ባለበት አገር ይሄ ሁሉ ከአንድ ወር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አዲስ አበባ ብርዱ ስለሚያዘገየው ወራት ሊወስድ ይችላል። በሰኔ ንጹህ መስሎ የተገዛ ሩዝ በመስከረም የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ነቀዙ አልመጣም፣ አደገ እንጂ።

ይሄንን ካወቃችሁ ብዙ ነገር ይቀየራል። ማበጠርና መልቀም የሚያስወግደው የወጣውን ነቀዝ ብቻ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ይቀራል። ክዳን ያለው ቆንጆ ዕቃ ብትገዙም እንቁላሉን አብራችሁ ነው የምትከድኑበት። ስለዚህ ሥራው በቅደም ተከተል ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ እህሉ ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ውስጡ ያለውን መግደል፣ በመጨረሻ አየር በማያስገባ ዕቃ መዝጋት። 

ሁሉም እህል እኩል አይነቅዝም

ጤፍ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው። ፍሬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ገብታ ልጇን ማሳደግ አትችልም፤ ቦታ የለም። ደረቅ የጤፍ ፍሬ ለዓመታት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ገጠር ያሉ ገበሬዎች ይሄን ያውቁታል፤ ጤፍን ከሌላ ትልልቅ እህል ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡ አሉ። ጤፉ በትልልቆቹ ፍሬዎች መሀል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዝ የምትንቀሳቀስበት መንገድ ታጣለች። በኋላ በወንፊት መለየት ቀላል ነው።

ግን ጤፉ የተፈጨ ዕለት ይሄ ጥቅም ያበቃል። ዱቄት ላይ የሚመጣው ሌላ ፍጥረት ነው፤ ቡናማ ቀይ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ኩምቢ የሌለው የዱቄት ጥንዚዛ። እሱ የሚፈልገው ፍሬ አይደለም፤ ዱቄት፣ ክክ፣ የተሰባበረ እህል ነው የሚመቸው። ስለዚህ ጤፍ የምትገዙ ከሆነ በፍሬው አስቀምጡት፣ የምታስፈጩት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይሁን። አንድ ኩንታል በአንዴ አስፈጭቶ መገላገል የሚመስለው ነገር በክረምት ብዙ ጊዜ በኪሳራ ያልቃል።

ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ የራሳቸው ነቀዝ አላቸው፤ አጠር ያለች፣ ክብ የሆነች፣ ሽምብራው ላይ ተባዕተ ብዕር የወጋው የሚመስል ክብ ቀዳዳ ትታ የምትወጣ። ሽምብራው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተለጥፎ ካያችሁ እንቁላሏ ነው፤ እንደ ሩዙ አይደበቅም፤ ስትገዙ እጃችሁ ላይ ዘርግታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

በርበሬም ይነቅዛል። ይሄን የምለው ቲክቶክ ላይ «ሩዝ ውስጥ ደረቅ በርበሬ ጣሉበት፣ ነቀዝ አይደርስበትም» የሚለው ቪዲዮ ስለበዛ ነው። ቃሪያውን ሳይቀር የምትበላ ጥንዚዛ አለች። ነጭ ሽንኩርትም፣ ቤይ ሊፍም፣ ቅርንፉድም ሽታቸው አንዳንዱን ነፍሳት ሊያርቅ ይችላል፤ ፍሬው ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠውን ትል ግን አይነኩትም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እርጥበት አለው፤ የተዘጋ ሩዝ ውስጥ እርጥብ ነገር መጨመር ለሻጋታ በር መክፈት ነው።

ውስጡ ያለውን መግደል

ቤት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ቅዝቃዜና ሙቀት።

ቅዝቃዜው ፍሪዘር ነው። እውነተኛ ፍሪዘር፣ ማለትም አይስክሬም እንደ ድንጋይ ሆኖ የሚቆይበት ከሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ እየሆነ በፌስታል የታሰረ እህል ለ4 ቀን ማስቀመጥ እንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ትልቅ አድርጋችሁ 10 ኪሎ በአንዴ ብትከቱ መሀሉ ሳይቀዘቅዝ ሊቆይ ይችላል። የፍሪጅ ከላይ ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ያን ያህል ስለማትቀዘቅዝ ሳምንት ስጧት፣ ቢበልጥም አይጎዳም። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን እንደገና ጀምሩ፤ ሁለት ቀን እዚህ፣ ሁለት ቀን እዚያ ተደምሮ አራት አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ፌስታል ወዲያው አትፍቱት። ቀዝቃዛ እህል ሞቅ ያለ አየር ሲነካው ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። እንደታሰረ አንድ ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ይደር፤ ላቡ ፌስታሉ ላይ ከውጭ ይቀራል፣ ጠዋት በጨርቅ ጠርጋችሁ ትከፍቱታላችሁ።

ሙቀቱ ደግሞ እናቶቻችን ድሮም የሚያደርጉት ነው። የሽሮ እህል ሲታመስ ውስጡ ያለው ሁሉ ያልቃል። ኦቭን ያለው ሰው ምስሩን ወይም ሽምብራውን በትሪ ላይ ስስ አድርጎ ዘርግቶ 60 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ይችላል፤ ለመዝራት ካልፈለጋችሁት ጉዳት የለውም። ጸሐይ ላይ ማስጣትስ? እህሉን ያደርቃል፣ የወጣውን ነቀዝ ያባርራል፤ ለመግደል ግን የአዲስ አበባ ጸሐይ ብቻዋን አትበቃም። ከሥር ጥቁር ላስቲክ፣ ከላይ የሚያሳይ ላስቲክ አድርጋችሁ ጠርዙን በድንጋይ ስትይዙት ነው ሙቀቱ ታስሮ የሚገድል ደረጃ ላይ የሚደርሰው። ይሄ በጥቅምትና በኅዳር በረንዳ ላይ እኩለ ቀን ይሞከራል። በሐምሌ አትልፉ።

ሃይላንድ ተናቀ እንጂ ጎበዝ ዕቃ ነው

ነፍሳት እንደ እኛ ይተነፍሳሉ። አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ሲዘጋባቸው ያለውን ኦክስጅን ራሳቸው ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ሲያንስባቸው መብላት ያቆማሉ፣ መራባት ያቆማሉ፣ ቀስ ብለው ይሞታሉ። መድኃኒት የለም፣ ሽታ የለም። ፒክስ የሚባለው ከረጢት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በ1980ዎቹ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ሆነው ያወጡት ነው። ከውጭ የተለመደው ማዳበሪያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፤ ሁለቱ ላስቲኮች አንድ በአንድ ተጠምዝዘው ይታሰራሉ፣ ከዚያ ማዳበሪያው ይታሰራል። በአገራችንም ገበሬው ይጠቀምበታል። አንድ ኩንታል የሚያስቀምጥ ቤት ቢያገኘው ጥሩ ነው። ግን አንዴ የታሰረ ከረጢት በየቀኑ እየተፈታ ከተቀዳለት ትርጉም የለውም፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል።

ለኮንዶሚኒየም ቤት ከዚህ የሚሻለው በነጻ የምናገኘው ነው። የውሃ ሃይላንድ እና ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን። ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሩዝ ይይዛል፣ ባለ 5 ሊትሩ ደግሞ 4 ኪሎ ገደማ። ጥንዚዛ ስስ ፌስታልን በስታ ትወጣለች፤ የሃይላንድ ግድግዳ ግን ልስልስና ጠንካራ ስለሆነ ጥርሷ አይዘውም። ክዳኑ በደንብ ከተጠበቀ አየር አያስገባም። አንዱን ከፍታችሁ ስትበሉ ሌሎቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ፤ ከትልቅ ባልዲ የሚበልጡት በዚህ ነው።

ሦስት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ድርቀት ነው፤ የታጠበ ሃይላንድ ውስጡ ደረቅ መስሎ ከታች ጠብታ ይይዛል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቀን ተገልብጦ ይድረቅ። ሁለተኛው አሞላሉ ነው፤ እስከ አፉ ሙሉት፣ እየነቀነቃችሁ እንዲጠቀጠቅ አድርጉ፤ ክፍት ቦታ ከተረፈ ነቀዙ የሚተነፍሰው አየር ተረፈ ማለት ነው። ሦስተኛው የዘይት ጀሪካን ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ ካላጠባችሁት የቀረው ዘይት ይበላሽና ሩዙን ያሸተዋል። ለዱቄት የጠርሙስ አፍ ስለሚጠብ ሌላ ሃይላንድ ከመሀሉ ቆርጣችሁ፣ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ ማስገቢያ አድርጉት።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ነቀዙ ኦክስጅኑን የሚጨርሰውም ቀስ ብሎ ነው፤ በተለይ ጥቂት ከሆኑ። ዛሬ የዘጋችሁትን በሳምንቱ ከፍታችሁ አሁንም የሚንቀሳቀስ ብታዩ ዘዴው አልሠራም ማለት አይደለም፤ ቸኮላችሁ። ቢያንስ ሁለት ወር ሳይነካ ይቀመጥ። ፍሪዘር ያለፈ እህል ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ መጠበቅ አያስፈልግም።

እርጥበቱ

ነቀዝ ላይ ያተኮረ ሰው ሻጋታን ይረሳል። አየር በማያስገባ ዕቃ የተዘጋ እርጥብ እህል ደግሞ ከተከፈተው የባሰ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት መድረቁን እወቁ። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ጨው ይበቃል።

የደረቀ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። ደረቅ፣ ያልተያያዘ፣ ደቃቅ የገበታ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩበት፣ ከዚያ የጠርሙሱን ሲሶ የሚሞላ እህል። ክደኑትና አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ነቅንቁት፣ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አትዝጉት፣ አስጡት። ጨው ካልተለጠፈ ለመዝጋት ይሆናል። ጨዋችሁ ራሱ ክረምት ላይ የረጠበ ከሆነ ፈተናው ይዋሻል፤ መጀመሪያ ምጣድ ላይ አድርቁት። ይሄ ለፍሬ እንጂ ለዱቄት አይሠራም።

የዱቄት ችግር ሌላ ነው። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ እጃችሁን ብትከቱበት ይሞቃል። አምና ሐምሌ 25 ኪሎ ጤፍ አስፈጭቼ፣ ዝናብ ሊመጣ ስለነበር በታክሲ ተሯሩጬ ቤት አስገባሁና እንደሞቀ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት። ባለ ወፍጮው «ልጄ፣ ሳይበርድ እንዳትከድኚው» ብሎኝ ነበር፤ እሺ ብዬ ረሳሁት። በሳምንቱ ክዳኑ ሥር የውሃ ጠብታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ያለው ዱቄት ተያይዞ እንደ ጭቃ ቋጥሮ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ግራጫ አበቀለ። ሙቀቱ ያወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ቀዝቅዞ ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው የከረመው። መሀሉ ደህና መስሎኝ ከላይ ጠርጌ ልጠቀምበት አስቤ ነበር። አይቻልም። የሻጋታ ሥር በዓይን ከሚታየው በላይ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ደግሞ ምጣድ ላይ ቢጋገርም አይጠፋም። ሁሉም ተደፋ።

ትኩስ ዱቄት ንጹህ አንሶላ ወይም ሸራ ላይ ስስ ብሎ ይዘርጋ፣ አልፎ አልፎ በእጅ ይገላበጥ። እጃችሁን ስትከቱበት ከክፍሉ አየር እኩል ሲቀዘቅዝ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ያኔ ይከደናል። ወጥ የሚሠራበት ወይም እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል ውስጥ ግን አትዘርጉት፤ እንፋሎቱን ይጠጣዋል።

ማዳበሪያው የት ይቀመጣል የሚለውም ቀላል አይደለም። የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ወለልና የውጭ ግድግዳ በክረምት ይቀዘቅዛሉ፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ የክፍሉ እርጥበት ያልባል። ማዳበሪያው ከሥር ሲረጥብ ከላይ አይታወቅም። ከሥሩ ሁለት ጣውላ አድርጉ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። ምድጃው አጠገብና ፍሪጅ ላይ ደግሞ ሙቀት ስላለ ነቀዙ ቶሎ ይፈለፈላል። በቤታችሁ ውስጥ ቀዝቃዛውና ደረቁ ቦታ ብዙ ጊዜ የመኝታ ክፍል ቁምሳጥን ነው፤ አልጋ ሥር የሚያስቀምጡ እናቶች ትክክል ናቸው።

ክኒኗ

አሁን በጣም የሚያሳስበው። ገበያ ውስጥ «የነቀዝ መድኃኒት» ተብላ የምትሸጥ ግራጫ ክኒን አለች። ስሟ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ለትላልቅ መጋዘን የተሠራች ናት፤ እህሉ በወፍራም ሸራ ተሸፍኖ፣ ሰው ለቀናት ርቆ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ጭንብል አድርጎ የሚጠቀምባት። ብዙ ሰው ግን ጠብታ ጠንካራ ቅመም ይመስል በርሜሉ ውስጥ አንድ ሁለት ጣል አድርጎ ይከድናል።

ክኒኗ የምትሠራው በአየሩ እርጥበት ነው። እርጥበት ሲነካት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ትለቃለች፤ ሦስት ግራም የምትመዝነዋ አንዷ ክኒን ብቻ አንድ ግራም ጋዝ ይወጣታል። ጋዙ ነቀዙን የሚገድለው እኛን በሚገድልበት መንገድ ነው፤ ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል። ማርከሻ የለውም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ጋዙ የበርሜሉን ክዳን፣ የበሩን ሥር፣ የቧንቧውን ቀዳዳ አልፎ ይሄዳል፤ ክኒኗን የከተተው እናንተ፣ የሚታመመው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ አለው ይባላል፤ ሽታ አልመጣም ማለት ግን ጋዝ የለም ማለት አይደለም። ክኒኗ አልቃ የቀረው ግራጫ ዱቄትም ያልጨረሰ ጋዝ ሊኖረው ይችላል።

ለመኖሪያ ቤት «ትንሽ» የሚባል ልክ የለውም። አትግዙ። ከገጠር የተላከላችሁ እህል ውስጥ ክኒን ወይም ግራጫ ዱቄት ያለበት ጨርቅ ካገኛችሁ ማዳበሪያውን ቤት ውስጥ አታራግፉ፣ ውሃ አታድርጉበት፣ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ በተለይ ሕፃናት። እህል የምትልክላችሁ እናት ወይም አክስት ካለች አስቀድማችሁ ደውላችሁ «መድኃኒት ገብቶበታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አይከፋቸውም።

ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨናነቅ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሰውየውን ወደ ንጹህ አየር አውጡት። እህሉን ለማትረፍ ተመልሳችሁ አትግቡ። የዋጠው ሰው ከሆነ ልታስመልሱት አትሞክሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል፣ ማሸጊያው ከተገኘ አብሮ ይያዝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

አንድ ቤት፣ አንድ ክረምት

እንበል ሰሚት፣ አራተኛ ፎቅ፣ አራት ሰው ያለበት ቤት። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ 25 ኪሎ ሩዝ፣ 5 ኪሎ ምስር ተገዛ፤ ከገጠር ደግሞ 6 ኪሎ ሽሮ በአውቶቡስ መጣ። ፍሪጁ ተራ ነው፣ ከላይ በረዶ ቤት አለው፣ አራት ኪሎ ያህል እህል ይችላል።

ጤፉ በጨው ተፈተነ፣ አልተለጠፈም። በፍሬው እንዳለ፣ በማዳበሪያው፣ ጣውላ ላይ፣ መኝታ ቤት ገባ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ 25 ኪሎ እየተቀዳ ይፈጫል፣ አንሶላ ላይ ይበርዳል፣ በርሜል ይገባል። አዲሱ ዱቄት ከመግባቱ በፊት በርሜሉ እስከ ታች ይራገፋል፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አሮጌው ዱቄት ላይ አዲሱን መገልበጥ ጥንዚዛውን ቀለብ መስጠት ነው።

ሩዙን በበረዶ ቤቱ ማሳለፍ ይቻላል? በአንድ ዙር አራት ኪሎ፣ በአንድ ዙር አንድ ሳምንት፤ ስድስት ዙር፣ ወር ተኩል። አይመችም። ስለዚህ ሩዙ በስድስት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ተሞልቶ 24 ኪሎው ተዘጋ፣ የቀረው አንድ ኪሎ ለዚህ ሳምንት ቀረ። ጀሪካኖቹ ላይ በፕላስተር ቀኑ ተጻፈ። ሩዝ እስከ ነሐሴ ድረስ ከሱቅ በትንሽ በትንሹ እየተገዛ የመጀመሪያው ጀሪካን ያኔ ቢከፈት ከሁሉም ይሻላል፤ ካልተቻለ አንዱ ብቻ ይከፈት።

በረዶ ቤቱ ለሽሮውና ለምስሩ ዋለ። ሽሮው ታምሶ ነው የተፈጨው፣ ግን ከወፍጮው በኋላ መንገድ ላይ፣ ጆንያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ምን እንደገባበት አይታወቅም። ሦስት ዙር፣ ሦስት ሳምንት፤ መጀመሪያ አራት ኪሎ ሽሮ፣ ቀጥሎ የቀረው ሁለት ኪሎና ሁለት ኪሎ ምስር፣ በመጨረሻ ሦስት ኪሎ ምስር። ተራውን የሚጠብቀው ታስሮ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ያለፈው አጠገብ አይደለም። ከዚያ ሁሉም ሃይላንድ ገባ።

ነቅዞ ካገኛችሁትስ?

ሩዝ ወይም ምስር ላይ ጥቂት ነቀዝ ካለ መርዝ አይደለም። አበጥሩት፣ ፍሪዘር ይግባ፣ ስታጥቡት የሚንሳፈፈውን ፍሬ ድፉት፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ የተበላ ነው። ዱቄት ላይ ጥቂት ጥንዚዛ ከሆነ ተነፍቶ፣ ፍሪዘር ገብቶ መጠቀም ይቻላል። ዱቄቱ ሮዝ ነገር ከመሰለ፣ ወይም መጥፎ የሚኮሰኩስ ሽታ ካመጣ ግን ጥንዚዛው በዝቶ የራሱን ኬሚካል ለቆበታል፤ መንፋት አያድነውም። ሻጋታ ያየው ዱቄት፣ በርበሬና ለውዝ ለከብትም ለዶሮም አይሰጥ።

ቁምሳጥኑን ስታጸዱ በእርጥብ ጨርቅ አትጀምሩ። መጀመሪያ መደርደሪያዎቹን አውጡ፣ ማዕዘኑንና የመጠለያ ብሎኑን ቀዳዳ በቀጭን ብሩሽ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ፣ የወጣውን ዱቄት በፌስታል አስራችሁ ያኑ ዕለት ከቤት አውጡት። የዱቄት ጥንዚዛ ለወራት የምትኖረው እዚያች ስንጥቅ ውስጥ በቀረችው አንድ ማንኪያ ዱቄት ነው።